ቀዩ መስመር የት ይረፍ?

ቢቸና ያለ የሒሳብ መምህር ሞጣ ከምትማረው የእህቱ ልጅ በቴሌግራም የደብተር ገጽ ፎቶ ደረሰው እንበል። ገጹ ላይ አራት መስመር አለ፦

3(x − 4) = 2x + 5
3x − 4 = 2x + 5
3x − 2x = 5 + 4
x = 9

ደብተሩ እጁ ላይ ቢሆን ቀዩ እስክሪብቶ በሰማያዊው ጽሑፍ ላይ ቢያልፍ እንኳ ከሥሩ ያለው ይነበባል። የስልክ ብሩሽ ግን ያለፈበትን ይውጣል። ወረቀት ላይ የለመድነው ስህተትን ማክበብ እዚህ የሚጎዳው ለዚህ ነው። «− 4» ላይ ክብ ሲሳል የመቀነስ ምልክቷ ትሸፈንና ልጅቷ የጻፈችው መደመር ይሁን መቀነስ አይለይም። ቀይ ቀለም ተማሪ ያስደነግጣል የሚሉ አሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ቀለሙ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ቦታ የሚገኘው ፎቶው ሲነሳ ነው። ገጹ ከነህዳጉ፣ ዙሪያው ትንሽ ተርፎ ይነሳ፤ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ በፋይል መልክ ይላክ። ጠርዙ ተቆርጦ ከመጣ ሰፋ ባለ ነጭ ገጽ ላይ አስቀምጦ ህዳግ መፍጠር ይቻላል። እርማቱ ምንጊዜም በቅጂው ላይ ይሁን።

የመጀመሪያው መስመር የጥያቄው ግልባጭ ስለሆነ ራይትም ኤክስም አያሻውም። ኤክሱ የሚያርፈው ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ፣ ከ5 በስተቀኝ አንድ ቁጥር የሚያህል ክፍተት ተትቶ ነው። ከ«− 4» ሥር ፊደሉን ሳትነካ ቀጭን መስመር ትሰመርና ህዳጉ ላይ «3ቱ 4ንም ያባዛል» ይጻፋል። ጣት ወፍራም ስለሆነ ፎቶውን አጉልቶ መጻፍ ይሻላል።

ብዙ መምህር የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው። መልሱ 9 ስላልሆነ የቀሩትንም መስመሮች ኤክስ ያደርጋቸዋል። ልጅቷ ግን ከሁለተኛው መስመር ተነስታ 2xን ወደ ግራ፣ 4ን ወደ ቀኝ ያሻገረችው ምልክታቸውን በትክክል ቀይራ ነው። እዚያ ኤክስ ካየች ማሻገር አልችልም ብላ ደኅናውን ታበላሻለች። ስለዚህ ለሁለቱም ትንሽ ራይት ይደረግና በጎን «ከላይኛው ስህተት በቀር አካሄድሽ ልክ ነው» ይባላል። ከ«x = 9» አጠገብ ደግሞ «9ን መልሰሽ አስገቢ፤ ግራው 15፣ ቀኙ 23 ይሆናል» ቢጻፍ ይበቃል። ትክክለኛውን መልስ፣ 17ን፣ ራሷ ታምጣው።

ከመላኩ በፊት መምህሩ የልጅቷን አራት መስመሮች ከታረመው ፎቶ ላይ እያየ ብጣሽ ወረቀት ላይ ይገልብጥ። አንዲት ምልክት እንኳ ገምቶ ከጻፈ የሸፈናትን ጭረት ያጥፋት። ፎቶው አንዴ ከተቀመጠ ጭረቱ ብዙ ጊዜ ከምስሉ ጋር ስለሚዋሐድ አይነሳም፤ ያኔ የሚቀረው ወደ ዋናው ፎቶ ተመልሶ እንደገና ማረም ነው።