ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኋላ የሚጠየቅ መጠይቅ

ጤና ጣቢያ ታክመው የሚወጡ አንዲት እናት «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ቢባሉ መልሳቸው ከወዲሁ ይታወቃል፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደኅና ነው።» ልጃቸው ሲታመም ተመልሰው የሚመጡበትን ቤት እንዴት ያማሉ? ስለዚህ ማንበብ ለማይችሉም ተመላላሽ ታካሚዎች የሚዘጋጅ መጠይቅ ስለ እርካታ ከመጠየቁ በፊት በዕለቱ ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

«የሐኪሙን አቀባበልና የመረጃ አሰጣጥ እንዴት ይመዝኑታል?» የሚለው ሁለት ጉዳይ ያደባልቃል፤ አነጋገሩም የቢሮ ነው። በሰው አፍ ሲሆን እንዲህ ይነበባል፦

1. ሐኪሙ ምን እንዳመመዎት ነገሩዎት?
2. መጠየቅ የፈለጉትን ሁሉ ጠየቁ?
3. የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሁሉ እዚሁ አገኙ?
4. ይህን መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ ይወስዳሉ?
5. ዛሬ በጣም ያስቸገረዎት ምን ነበር?

አራተኛው ብልህ ጥያቄ ነው። «አወሳሰዱን ነገሩዎት?» ቢባል ሁሉም አዎ ይላል፤ በዚህ መልኩ ሲጠየቅ ግን ጠያቂው መልሱን መድኃኒቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። አምስተኛውም ችግር እንደነበረ አስቀድሞ ስለሚቀበል ይሉኝታን ያቀላል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት «አዎ»፣ «አይ» እና «አይመለከተኝም» ይበቃሉ። የሚስቅና የሚያዝን ፊት ሥሎ ማስመረጥም ይቻላል፤ አንዳንዱ ግን ደስ የሚለውን ሥዕል ይመርጥና ያልፋል። በመሆኑም ከጥቂት ታካሚዎች ጋር ቀድሞ መሞከርና «ይህ ምን ማለት ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ማስፈለጉ አይቀርም።

ጠያቂው ጋዋን የለበሰ ወይም የቤቱ ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል። ታካሚው መድኃኒቱን ተቀብሎ ሲወጣ፣ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ፣ ስም ሳይጻፍ፣ «እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም» ተብሎ ይጠየቃል። ከሚወጡት ሁልጊዜ አምስተኛውን ሰው መያዝ ጠያቂው ፊታቸው ፈታ ያሉትን እንዳይመርጥ ያግደዋል። የገበያ ቀን ወረፋ ስለሚለይ ቀኖቹም ይቀላቀሉ። እምቢ ያሉትም ይቆጠሩ።

ትንተናው በጭረት ቆጠራ ይጀምራል። ለምሳሌ 60 ሰው ተጠየቀ እንበል። በመጨረሻ ስለ እርካታ ሲጠየቁ ረክተናል ያሉት 54 ናቸው፤ 90 በመቶ። «ምን እንዳመመኝ ነግረውኛል» ያሉት ግን 33 ብቻ፤ 55 በመቶ። ማንበብ የሚችሉና የማይችሉ ሲለዩ ነገሩ ይገለጣል፦ ከሚያነቡት 24 ሰዎች 18ቱ (75 በመቶ)፣ ከማያነቡት 36 ደግሞ 15ቱ (42 በመቶ ገደማ) ተነግሯቸዋል። እንግዲህ የሚታረመው የሐኪሙ ክፍል ንግግር ነው። መድኃኒት ያልታዘዘላቸው «አይመለከተኝም» ብለው ስለሚመልሱ ከሦስተኛው ጥያቄ አካፋይ ይወጣሉ፤ ካልወጡ ውጤቱ ያለ ምክንያት ይወርዳል።

በ60 ሰው ላይ 55 በመቶ ሲገኝ፣ እውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 13 ነጥብ ሊርቅ ይችላል። በሚቀጥለው ዙር 60 በመቶ ቢመጣ የጨመሩት 3 ሰዎች ናቸው፤ በስብሰባ ላይ «ተሻሽለናል» ለማለት አይበቃም። በሁለቱ ዙሮች ጥያቄውም፣ የጠያቂው ዓይነትም፣ ቦታውም ካልተመሳሰሉ ደግሞ ማወዳደሩ ራሱ ይቀር።