ፋይል ሲወርድ የእህቴ ድምፅ ለምን ይቆራረጣል?

ጥያቄ፦ ማታ ከእህቴ ጋር በቪዲዮ ሳወራ ልጄ ትልቅ ፋይል ማውረድ ከጀመረ ድምጿ ይቆራረጣል። መስመራችን 10 ሜጋ ቢት ነው። ፍጥነቱን ላስጨምር?

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኮምፒውተርዎ ላይ ይህን አንዴ ልጅዎ ማውረድ ሳይጀምር፣ አንዴ ደግሞ እያወረደ ሳለ ይሞክሩ፦

```
ping 8.8.8.8
```

ልጅዎ ማውረድ ሲጀምር ቁጥሩ ከ40 ሚሊሰከንድ ወደ 600 ከዘለለ፣ የእህትዎ ድምፅ ከፋይሉ ኋላ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ወረፋው የሚጠራቀመው በአገልግሎት ሰጪው በኩል ስለሆነ ራውተርዎ ሊያዝበት አይችልም። OpenWrt የተጫነበት ራውተር ካለዎት SQM የሚለውን ጥቅል ጭነው ይክፈቱና `cake`ን መርጠው ማውረጃውን 9000 kbit/s ላይ ይገድቡት፤ ከ10 ሜጋ ቢቱ 90 በመቶ መሆኑ ነው። መጫኛውንም ከራሱ ፍጥነት 90 በመቶ ላይ ይገድቡ። ያኔ ወረፋው ወደ ቤትዎ ይመጣል፤ ራውተሩም ለጥሪውና ለፋይሉ ተራ ያካፍላል። ፋይሉ ትንሽ ይዘገያል፣ ይህ የማይቀር ነው። ፒንጉ አሁንም ከፍ ካለ ወደ 8500 ዝቅ ያድርጉት። ኢንተርኔትዎ በሲም ካርድ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ፣ መስመሩ በሚጨናነቅበት በምሽት ሰዓት ለክተው ይወስኑ።