ከስም ጅራት ላይ የማይለቅ ባዶ ቦታ

ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከሁሩሙና ከያዮ የተሰበሰበ የቡና አቅርቦት ዝርዝር በኤክሴል ይዘዋል እንበል። ከፊሉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከፊሉ ከድረ ገጽ ሰንጠረዥ፣ ከፊሉ ደግሞ በቴሌግራም ከመጣ መልእክት ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ነው። በመቱ ስም አራት መስመር አለ፦ 40፣ 35፣ 25 እና 50 ኩንታል። ድምሩ 150 መሆን አለበት። በ SUMIF «መቱ» ብለው ሲደምሩ ግን 75 ይመጣል። ኤክሴል ስህተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም። ቁጥሩ ትክክል መስሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል፤ አደጋውም ይኸው ነው።

ብልሃቱን የሚያውቅ ሰው ወዲያው TRIM ይሞክራል። ድምሩ 100 ይሆናል። 25 ኩንታል ካለበት «መቱ» ኋላ ተራ ስፔስ ተጨምሮ ነበርና TRIM አነሳው። 50 ኩንታል የያዘው መስመር ግን አሁንም አልገባም። በዓይን ሲያዩት ከሌሎቹ በምንም አይለይም። የማጣሪያውን ዝርዝር ሲከፍቱ ግን «መቱ» ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያገኙታል። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ከተዘረዘረ የማይታይ ነገር አብሮት አለ ብለው ይጠርጥሩ።

ፊደላችን እዚህ ላይ ያግዛል። «መቱ» ሁለት ፊደል ነው፤ ኤክሴልም እንደ ሁለት ይቆጥረዋል። ስለዚህ በአጠገቡ ባለ ባዶ ሴል እነዚህን ይጻፉ፦

```
=LEN(A5)
=UNICODE(RIGHT(A5,1))
```

የመጀመሪያው 3 ካለ አንድ ትርፍ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ማንነቱን በቁጥር ይነግርዎታል። ተራ ስፔስ 32 ነው። እዚህ የሚመጣው 160 ከሆነ መስመር እንዳይሰበር ቃላትን አያይዞ የሚይዘው ስፔስ ነው። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ` ` ብለው ይጽፉታል፤ በወርድም Ctrl+Shift+Space ሲጫኑ ይገባል። የኤክሴል TRIM የተሠራው ቁጥር 32ን ብቻ እንዲያነሳ ስለሆነ 160ን እንደ ማንኛውም ፊደል ቆጥሮ ያልፈዋል።

የባሰው 8203 ነው። ይህ ስፋት የሌለው ስፔስ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ የት ላይ መታጠፍ እንደሚችል ለማሳየት በድረ ገጾች ይገባል። 160 ቢያንስ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ 8203 ግን ምንም ቦታ አይይዝም። ብዙ ጊዜ በቀስት ቁልፍ ሲያልፉበት ጠቋሚው አንዴ የተጫኑትን ያልሰማ ይመስላል። በስም መሐል ሊገባ ስለሚችል RIGHT ላያገኘው ይችላል። ያኔ LEN የሰጠውን ቁጥር በእጅ ከቆጠሩት ፊደል ጋር ማስተያየት ነው።

ሁለቱ አንድ ዓይነት ሕክምና የላቸውም። 160 ሁለት ቃላትን አያይዞ ሊሆን ይችላል፤ «አልጌ ሳቺ» የሚለውን የወረዳ ስም ይውሰዱ። መሐሉ ያለውን 160 ዝም ብለው ካጠፉት «አልጌሳቺ» ይሆንና ሌላ ስም ይፈጠራል። ስለዚህ 160 በተራ ስፔስ ይተካ፤ 8203 ይጥፋ። TRIM የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦

```
=TRIM(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(A5,UNICHAR(160)," "),UNICHAR(8203),""))
```

ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። TRIM ከቀደመ ጅራቱ ላይ ያለው 160 ያግደዋል፤ በኋላ 160 ወደ ተራ ስፔስ ሲቀየር የሚያነሳው አይኖርም። UNICHAR ከኤክሴል 2013 ጀምሮ አለ። በብዙ ምክር ላይ የሚገኘው CHAR(160) በዊንዶውስ ይሠራል፤ በማክ ግን ሌላ ምልክት ሊሰጥ ስለሚችል UNICHARን እመርጣለሁ።

በዚህ ፎርሙላ አራቱ መስመሮች አንድ «መቱ» ይሆናሉ፤ ድምሩም 150 ይመጣል። ውጤቱን ኮፒ አድርገው በዋናው ዓምድ ላይ እንደ እሴት ብቻ ይለጥፉት። ስሞቹን ከሌላ የወረዳ ዝርዝር ጋር በ VLOOKUP የሚያገናኙ ከሆነ ያኛውም ዝርዝር በዚሁ ፎርሙላ ይለፍ፤ አንዱ ወገን ብቻ ቢጸዳ ስሞቹ አይገናኙም።

ፕሮግራም ለሚጽፉ አንድ ነገር ልጨምር። የፓይተን `strip()` 160ን ያነሳል፤ 8203ን ግን አያነሳም፤ በዩኒኮድ አመዳደብ 8203 ከስፔስ ጎራ አይቆጠርምና። የአማርኛው ሁለት ነጥብም «፡» (4961) የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ነው። «አልጌ፡ሳቺ» ተብሎ በቆየ ልማድ የተጻፈ ስም ካለ ማንኛውም ማጽጃ እንዳለ ይተወዋል። እሱንም እንደ 160 በተራ ስፔስ መተካት ያስፈልጋል።