ቦንድ ከመግዛት በፊት የሚመረመሩ ሦስት ነገሮች

ቦንድ ማለት መንግሥት ወይም ድርጅት ገንዘብ ሲበደር ለአበዳሪው የሚሰጠው የዕዳ ወረቀት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሥራ ቦንድ ስለ ተሸጠ ብዙ ገበሬዎች ወረቀቱን ያውቁታል። ነገር ግን አንድ ቦንድ ለጥንቁቅ ቆጣቢ የሚስማማ መሆኑን ለመለየት የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች መመርመር ያስፈልጋል።

1ኛ/ ገንዘቡ የሚመለስበት ጊዜ

ለምሳሌ አንድ ገበሬ እህሉን ሸጦ 30,000 ብር አስቀመጠ እንበል። ከዚህም 20,000 ብሩ በሚመጣው ሰኔ ለማዳበሪያና ለዘር መግዣ የሚፈለግ ነው። ይህን ገንዘብ በ5 ዓመት ቦንድ ላይ ቢያውለው ሰኔ ሲደርስ በእጁ የሚገኘው ወረቀት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ወይ በወለድ ይበደራል፣ ወይም ገዢ ካገኘ ወረቀቱን በቅናሽ ይሸጣል። ስለዚህ ለቦንድ ሊታሰብ የሚገባው የቀረው 10,000 ብር ብቻ ነው።

2ኛ/ የሚያስገኘው ትርፍ

ወለዱ በዓመት ከመቶ 6 ቢሆን 10,000 ብር በዓመት 600 ብር ያስገኛል። ይህ ትርፍ መስሎ ቢታይም ከገበያ ዋጋ ጋር መመዛዘን አለበት። በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ ከመቶ 15 ቢጨምር፣ ዛሬ በ10,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ለከርሞ 11,500 ብር ይሆናል። ገበሬው ግን የሚኖረው 10,600 ብር ነው። ብሩ በቁጥር ቢበዛም የመግዛት ኃይሉ ቀንሷል ማለት ነው።

3ኛ/ የባለዕዳው አቅም

ባለዕዳው አይከፍልም የሚል ሥጋት ሲነሣ ሰዎች ወረቀቱን በርካሽ ይሸጡታል። 600 ብር ወለድ ያለው የ10,000 ብር ቦንድ በ6,000 ብር ቢሸጥ፣ ወለዱ ለአዲሱ ገዢ ከመቶ 10 ይሆናል። እንዲህ ያለው ትልቅ ትርፍ የሥጋት ምልክት ነውና ገዢው ምክንያቱን መጠየቅ ይገባዋል።

መንግሥትም ቢሆን ክፍያ ሊያቋርጥ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 በውጭ አገር ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ግን የዚህን ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ይህ ዕዳ የዶላር ነው። መንግሥት በራሱ ብር የተበደረውን ለመክፈል የተሻለ አቅም አለው፤ ሆኖም ብሩ ሲመለስ የመግዛት ኃይሉ ሊያንስ ይችላል።

እንግዲህ የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ሲያማክር በመጀመሪያ «ይህ ገንዘብ መቼ ያስፈልግሃል?» ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ቦንዱ ከሚከፈልበት ቀን በፊት ከሆነ፣ ወለዱ የቱንም ያህል ቢበዛ ያ ቦንድ ለእርሱ አይሆንም። መልሱ ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ባለዕዳው ማን እንደ ሆነና ወለዱ ከዋጋው ጭማሪ ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን አብረው ያስሉ።