የቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠናና ክትትል፦ የትኩሳት ጥያቄ እንደ ማሳያ

በወረርሽኝ ወቅት በየቤቱ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ፣ ባለፉት 14 ቀናት ከቤተሰቡ አባላት ትኩሳት የነበረበት ሰው መኖሩን ይመለከታል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚሰማሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ይህንኑ ጥያቄ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አነጋገር ካቀረቡት፣ በቀበሌዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ከሕመሙ የመጣ ይሁን ከጠያቂው መለየት አይቻልም።

ሀ. በሥልጠና ወቅት

ሠልጣኞች ሦስት ነገሮችን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲፈጽሙ ይደረጋል። አንደኛ፣ የቤተሰቡን አባላት አስቀድመው ከመዘገቡ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ይጠይቃሉ። «ሁላችሁም ደኅና ናችሁ?» የሚለው አጠያየቅ እንደ ሰላምታ ስለሚወሰድ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሆናል፤ የታመመውም ሰው ሳይመዘገብ ይቀራል። ሁለተኛ፣ 14 ቀን የሚቆጠርበትን መነሻ ቤተሰቡ በሚያውቀው ቀን ያስታውሳሉ። መጠይቁ የሚሞላው ወር በገባ በ26 ከሆነ መነሻው 12፣ ማለትም የሚካኤል ዕለት ነው። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ሳምንታዊው የገበያ ቀን ለዚሁ ያገለግላል። ሦስተኛ፣ መላሹ «ምች ነው» ወይም «ጉንፋን ነው» ቢል በስያሜው ብቻ አይወስኑም፤ ሰውነቱ ግሎ እንደ ነበረ ይጠይቃሉ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሠልጣኞች አንዱን ቃለ መጠይቅ እያዳመጡ በየራሳቸው ቅጽ ይሞላሉ። ቅጾቹ ጎን ለጎን ሲታዩ መልሱ የተለያየበት ጥያቄ እንደገና ልምምድ ይደረግበታል።

ለ. በመስክ ክትትል

ተቆጣጣሪው በየምሽቱ ውጤቱን በመረጃ ሰብሳቢ ለይቶ ይደምራል። ለምሳሌ በስማዳ ወረዳ ሦስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 20 ቤት ጎበኙ እንበል። ሁለቱ በ6 እና በ7 ቤቶች ትኩሳት ሲመዘግቡ፣ ሦስተኛው በ1 ቤት ብቻ መዘገበ። ይህ ልዩነት ጥርጣሬን እንጂ ጥፋትን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ወባ ባለበት ቆላ፣ እርሱ ደግሞ በደጋው ተሰማርተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በማግሥቱ «የለም» ከተባለባቸው ቤቶች አራቱን በዕጣ መርጦ፣ የአባላቱን ቁጥርና ስለ እያንዳንዳቸው ትኩሳት ብቻ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ስለዚያው 14 ቀን ነው። በሁለቱ ቤቶች ትኩሳት የነበረበት ሰው ከተገኘ፣ ቀጣዩን ቃለ መጠይቅ አብሮ ሄዶ ያዳምጣል። ችግሩ የአጠያየቅ ሆኖ ከተገኘ ሠራተኛው በቦታው ይታረማል፤ የሞላቸው 20ዎቹም ቤቶች እንደገና ይጎበኛሉ። ተቆጣጣሪው ቅጹን በግምት ማስተካከል አይፈቀድለትም።

ሐ. ከቤተሰቡ የሚጠበቅ

ተቆጣጣሪው ተመልሶ የሚጠይቀው ቤተሰቡን ስለ ተጠራጠረ አይደለም። በሁለተኛው ጉብኝት መላሹ የፊተኛውን ቃል ለመድገም ሳይጨነቅ፣ የሚያስታውሰውን እንዳለ ይናገር። የሌላውን አባል ሁኔታ በርግጥ የማያውቅ ከሆነም «የለም» ከማለት ይልቅ «አላውቅም» ይበል፤ ቅጹ ለዚህ መልስ የተለየ ቦታ አለውና።