በትምህርት ቤቶች መካከል ውጤትን ማመጣጠን፡- የናሙና ዳግም እርማትና የጥብቅ አራሚ ማስተካከያ በድሬዳዋ የድርሰት ፈተና አብነት

መግቢያ

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን የትምህርት ቤቶች መደበኛ ሥራ ካደረገ ወዲህ፣ ከተማሪው ውጤት ከፍተኛው ድርሻ የሚሰጠው በክፍል መምህሩ እጅ ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ የሚዘጋጁት ክልላዊና አገር አቀፍ ፈተናዎች በአብዛኛው የምርጫ ጥያቄዎችን የያዙ ስለሆኑ አራሚው ማንም ይሁን ማን ለአንድ መልስ የሚሰጠው ነጥብ አይለወጥም። ድርሰት፣ ማብራሪያና የስሌት ሂደት ግን የሚመዘኑት በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ስለዚህ የሁለት ትምህርት ቤቶች ውጤት ጎን ለጎን ተቀምጦ ተማሪዎች ሲወዳደሩ፣ የሚወዳደረው የተማሪዎቹ ችሎታ ብቻ ሳይሆን የአራሚዎቹም ጠባይ ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ነጥብ የሚሰስት መምህር ያረማቸው የፈተና ወረቀቶች በምን መንገድ ሊስተካከሉ እንደሚችሉ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ማስተካከል የሚቻለው ጥብቅነቱ ወጥ ሲሆን ብቻ ነው የሚል ነው። ወጥነቱም ከትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት አይታወቅም፤ የሚታወቀው ያው ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታረም ነው። ለማብራሪያ የቀረቡት ቁጥሮች ለዚሁ ሲባል የተዘጋጁ እንጂ ከየትኛውም ትምህርት ቤት መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም።

አማካይ ውጤት ለምን አይበቃም?

በድሬዳዋ በአንድ ጉድኝት ሥር ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ40 የሚታረም አንድ ዓይነት የአማርኛ ድርሰት ፈተና ሰጡ እንበል። ማለፊያው 20 ነው። የ«ሀ» ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት 25፣ የ«ለ» 19፣ የ«ሐ» ደግሞ 24 ሆነ። በመጀመሪያ እይታ የ«ለ» አራሚ ጥብቅ ይመስላል፤ ለሁሉም ተማሪዎቹ 6 ነጥብ ቢጨመር ትምህርት ቤቱ ከ«ሀ» ጋር ይስተካከላል።

ይህ መፍትሔ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ድሬዳዋ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ በአንድ ሰፈር የሚነገሩባት ከተማ ናት። በአንዱ ትምህርት ቤት አብዛኞቹ ልጆች አማርኛን ከቤታቸው ይዘው ሲመጡ፣ በሌላው ብዙዎቹ የሚማሩት ከክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። በድርሰት ፈተና ላይ የሚታየው የአማካይ ልዩነት እንግዲህ በከፊል እውነተኛ የችሎታ ልዩነት ነው። አማካዮቹን እኩል ማድረግ ያንን ልዩነት ከመዝገብ ላይ ይፍቀዋል፤ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆችም ሳይታዩ ይቀራሉ። የአራሚውን ጥብቅነት ከተማሪዎቹ ድካም ለመለየት ወረቀቱ ሳይለወጥ አራሚው ብቻ መለወጥ አለበት።

የናሙና አወሳሰድና ዳግም እርማት

«ለ» ትምህርት ቤት 120 ወረቀቶች አሉት። ሁሉንም ዳግመኛ ማረም አድካሚ ስለሆነ 10 ወረቀቶች ይመረጣሉ። ከጥቅሉ አናት ላይ ያሉትን አሥር ማንሣት ወይም መምህሩ እንዲመርጥ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ የመጀመሪያው ባጋጣሚ የአንድ ክፍል ልጆችን ብቻ ሊይዝ ይችላል፣ ሁለተኛው ደግሞ በጥንቃቄ የታረሙትን ብቻ ያመጣል። የሚሻለው ወረቀቶቹን በመምህሩ ውጤት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ደርድሮ፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱን በዕጣ አውጥቶ፣ ከዚያ በየ12ኛው መውሰድ ነው። በዚህ መንገድ ናሙናው ከደካማው እስከ ጎበዙ ይዘረጋል። ይህ ስፋት የሚያስፈልግበት ምክንያት በኋላ ይታያል።

ገምጋሚው የመምህሩን ነጥብ ሳያይ ማረም ይኖርበታል። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በቀይ የተጻፈ «14» የሁለተኛውን አራሚ ዓይን ወደ ራሱ ይስባል፤ እንደዚያ የተገኘ ስምምነት ምንም አያረጋግጥም። ስለሆነም ፈተናው ከመታረሙ በፊት መምህራኑ ነጥቡን በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በተለየ ዝርዝር ላይ እንዲያሰፍሩ መስማማት ይኖርባቸዋል። ከታረመ በኋላ የታሰበ ከሆነ ግን ቀዩ ጽሑፍ ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ይነሣል።

ገምጋሚውም ሰው ነው፤ እርሱም ሊለግስ ወይም ሊሰስት ይችላል። ይህን ለማወቅ የጉድኝቱ መምህራን አስቀድመው በጋራ ተወያይተው ነጥብ የተስማሙባቸው ጥቂት ወረቀቶች፣ ምልክት ሳይደረግባቸው ከናሙናው ጋር ይቀላቀላሉ። በምሳሌው ገምጋሚው ለእነዚህ ወረቀቶች ከስምምነቱ በአማካይ 0.4 ነጥብ ከፍ አድርጎ ሰጥቷል። ይህች ትንሽ ቁጥር ከኋላው ስሌት ትቀነሳለች።

ወጥ ጥብቅነት

የ«ለ» መምህር ለአሥሩ ወረቀቶች 8፣ 11፣ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 25፣ 28 እና 33 ሰጥቷል። ገምጋሚው ለእነዚሁ በቅደም ተከተል 11፣ 14፣ 18፣ 19፣ 22፣ 23፣ 26፣ 28፣ 32 እና 36 ሰጠ። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ወረቀት 3 ወይም 4 ነው፤ አማካዩ 3.4 ይሆናል። የገምጋሚው የራሱ 0.4 ሲቀነስ 3 ይቀራል።

እዚህ ላይ ከአማካዩ ይልቅ የልዩነቶቹ መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል። መምህሩ ለደካማውም ለጎበዙም እኩል ሰስቷል፤ የተማሪዎቹ ቅደም ተከተልም ሳይዛባ ቀርቷል። ስለዚህ ያልተመረጡት 110 ወረቀቶችም በተመሳሳይ መንገድ እንደታረሙ ማሰብ ምክንያታዊ ነው፤ ለሁሉም 3 ነጥብ ይጨመራል። 17፣ 18 ወይም 19 አግኝተው ወድቀው የነበሩ ልጆች ያልፋሉ። የትምህርት ቤቱ አማካይ ከ19 ወደ 22 ይወጣል እንጂ 25 አይደርስም። ከ«ሀ» ጋር ከነበረው የ6 ነጥብ ልዩነት ግማሹ የአራሚው፣ ግማሹ የተማሪዎቹ ነበር ማለት ነው። አማካዩን ብቻ አይቶ 6 የጨመረ ሰው ግን 14፣ 15 እና 16 ያገኙትንም ያለ አግባብ ያሳልፍ ነበር።

ባዶ የተመለሰ ወረቀት ከዚህ ጭማሪ ውጭ ነው። ያልተጻፈ ድርሰት ላይ ማንም አራሚ ሊሰስት አይችልምና ዜሮው ዜሮ ሆኖ ይቆያል።

ከፍ ሲል የሚጠብቅ አራሚ

አንዳንድ መምህር ለደካማ ድርሰት ከሌሎች ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛ ነጥብ ለመስጠት ግን እጁ አይፈታም። የዚህ ዓይነቱ መምህር 10 የሰጠውን ገምጋሚው 11፣ 20 የሰጠውን 24፣ 30 የሰጠውን 37 ቢያገኘው፣ ልዩነቱ 1፣ 4 እና 7 እያለ ያድጋል። አማካዩ 4 ነው፤ ይሁን እንጂ ለሁሉም 4 መጨመር ከመካከለኛው በስተቀር ለማንም አይስማማም። ለእነዚህ ነጥቦች የሚስማማው መስመር የሚከተለው ነው፦

የተስተካከለ ውጤት = 1.3 × የመምህሩ ውጤት − 2

ከመምህሩ 16 ያገኘ ተማሪ በመስመሩ 18.8 ያገኛል፤ ይህም 19 ሆኖ ሲጠጋጋ ከማለፊያው በታች ነው። 4 ቢጨመርለት ግን 20 ደርሶ ያልፍ ነበር። በሌላው ጫፍ 30 ያገኘው ልጅ 37 ሲገባው በ34 ይቀራል። ናሙናው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው መዘርጋት ያለበት ለዚህ ነው፤ ከመካከለኞቹ ብቻ የተወሰደ ናሙና ይህን መስመር ከጠፍጣፋው ጭማሪ መለየት አይችልም። መስመሩም ናሙናው ከሸፈነው ክልል ውጭ ሊታመን አይገባውም። በዚህ ምሳሌ ከመምህሩ 33 ያገኘ ተማሪ በስሌቱ ወደ 40.9 ይወጣል፤ ይህ ከፈተናው ጣሪያ በላይ ስለሆነ በዚያ ከፍታ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ማረም ይሻላል።

ሊስተካከል የማይችል እርማት

የ«ሐ» ትምህርት ቤት ጉዳይ ከሁሉም አሳሳች ነው። የአሥሩ ወረቀቶች ልዩነት +6፣ −4፣ 0፣ +5፣ −3፣ +2፣ −5፣ +4፣ −1 እና 0 ነው። አማካዩ 0.4 ስለሆነ የገምጋሚው የራሱ ልግስና ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል። አማካዩን ብቻ የሚያይ ኮሚቴ «ይህ መምህር ትክክለኛ ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። በእርግጥ ግን መምህሩ አንዱን ልጅ በ6 ነጥብ ጎድቶ ሌላውን በ5 ነጥብ ጠቅሟል። የልዩነቶቹ መደበኛ ስርጭት 3.8 ሲሆን፣ በ«ለ» ግን 0.5 ገደማ ብቻ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ እርማት የሚጨመርም የሚቀነስም ቁጥር የለም፤ የትኛው ልጅ እንደተጎዳ ከመምህሩ ነጥብ ማወቅ አይቻልምና። ያለው መንገድ 120ውንም ወረቀቶች በሌላ አራሚ ዳግመኛ ማረም ነው። ስለሆነም ጉድኝቱ ሥራውን ሳይጀምር ሁለት ወሰኖችን መቁረጥ ይኖርበታል። አንደኛው ከስንት ነጥብ በታች ያለ አማካይ ልዩነት እንዳለ ይታለፋል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ስርጭቱ ከስንት ሲያልፍ ሙሉ ዳግም እርማት ይታዘዛል የሚለው ነው። ወሰኑ ውጤቱ ከታየ በኋላ ከተወሰነ፣ የየትኛው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አብዝቶ ተከራከረ የሚለው ጥያቄ የስሌቱን ቦታ ይወስዳል።

የቋንቋ ድንበር

እስካሁን የተገለጸው አሠራር አንድ ገምጋሚ የሁሉንም ትምህርት ቤቶች ወረቀት ማንበብ ይችላል ብሎ ይነሣል። በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ስለሚሰጥ፣ ለምሳሌ የኅብረተሰብ ሳይንስ የማብራሪያ ጥያቄ በሦስት ቋንቋ ተመልሶ ይመጣል። በአማርኛ ወረቀቶች ላይ የተገኘ ማስተካከያ በአማርኛ የሚያስተምሩትን ትምህርት ቤቶች ብቻ እርስ በርስ ያመጣጥናል። ወደ ሶማልኛው ወይም ወደ አፋን ኦሮሞው ለመሻገር ሁለቱን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚያነቡና ከሁለቱም ናሙና የሚያርሙ መምህራን ያስፈልጋሉ። ወረቀቱን ተርጉሞ ለአንድ ገምጋሚ መስጠት አይተካውም፤ ተርጓሚው የልጁን የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ሳያስበው ስለሚያቃናው ገምጋሚው የሚያርመው የተርጓሚውን ጽሑፍ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ሦስቱ አራሚዎች ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎችን ይጠይቃሉ። እኩል ለሚሰስተው ቁጥር ይጨመራል፤ ከፍ ሲል ለሚጠብቀው መስመር ይሠራል፤ ወጥነት ለሌለው ደግሞ ወረቀቱ ዳግመኛ ይታረማል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የልዩነቶቹ አማካይ ሳይሆን በነጥብ መሰላሉ ላይ የተዘረጉበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ የጉድኝት ኮሚቴ ውጤት ሲያጸድቅ በቃለ ጉባኤው ላይ ሊያሰፍር የሚገባው የተጨመረውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን የአሥሩን ወረቀቶች ጥንድ ውጤቶች ጭምር ነው። በ17 ነጥብ የወደቀ ልጅ ወላጅ ጥያቄ ቢያነሡ መልሱ የሚገኘው ከእነዚያ ጥንዶች ነው።