ፍላጎቱም መንገዱም ሲዋዥቅ፦ የመጠባበቂያ ክምችት አሰላል

የመጠባበቂያ ክምችት ማለት ከአማካይ ፍላጎት በላይ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትርፍ ዕቃ ነው። ትርፉ የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው፤ በአንዱ ወር ከሌላው ይበልጥ ዕቃ ይወጣል፣ የታዘዘውም አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱም በሚዋዥቁበት መጋዘን «አንድ ወር የሚበቃ ይቀመጥ» የሚለው ልማድ አንዱን ዕቃ ያበላሻል፣ ሌላውን ያሳጣል።

እዚህ የቀረበው ምሳሌ መካነ ሰላም ላይ ያለ የአንድ ጤና ተቋም መድኃኒት መጋዘን ነው። የሚሰላው አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም ካፕሱል ሲሆን መለኪያው ሣጥን ነው። ተቋሙ መድኃኒቱን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍ ነው፤ ጭነቱ በአቀስታ በኩል የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ አቋርጦ ይመጣል። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ ማንኛውም መጋዘን በራሱ ቢን ካርድ መተካት ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ወርኃዊ ፍላጎት ከቢን ካርዱ ይለቀማል። የአንድ በጀት ዓመት ወጪ ከሐምሌ እስከ ሰኔ በቅደም ተከተል 52፣ 58፣ 44፣ 40፣ 46፣ 54፣ 50፣ 42፣ 38፣ 36፣ 45 እና 47 ሣጥን ነው እንበል። ድምሩ 552፣ ወርኃዊ አማካዩ 46 ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ዕቃው ያለቀበት ወር ነው። መደርደሪያው ባዶ በነበረባቸው ቀናት ካርዱ ወጪ አያሳይም፤ ታማሚው ግን መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። በምሳሌው የግንቦት ካርድ የሚያሳየው 36 ሣጥን ብቻ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ለ6 ቀን አልነበረም። ስለዚህ 36 በ30 ተባዝቶ ዕቃው ለነበረባቸው 24 ቀናት ይካፈላልና 45 ይገኛል። ይህ ሳይስተካከል ከቀረ እጥረቱ ራሱን ይወልዳል፤ ያለቀው ዕቃ አነስተኛ ፍላጎት ያለው መስሎ ይታያል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ያነሰ ይታዘዛል። ሁለተኛው ወጥመድ ጳጉሜ ናት። የኢትዮጵያ ወራት እኩል ሠላሳ ቀን መሆናቸው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነገር ነው፤ የጳጉሜ ወጪ ነሐሴ ላይ ከተደመረ ግን ነሐሴ ያለ ምክንያት ያብጣል። የጳጉሜን ወጪ ከወርኃዊው አማካይ ማውጣት ይሻላል።

ቀጥሎ የፍላጎቱ መዋዠቅ ይለካል። መለኪያው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው፤ ወራቱ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ በአንድ ቁጥር ይናገራል። ከየወሩ ወጪ ላይ 46 ይቀነሳል፣ ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቶቹ ይደመራሉ፤ 482 ይመጣል። ይህ ከወራቱ ቁጥር በአንድ በሚያንሰው በ11 ሲካፈል 43.8፣ የዚህ ካሬ ሥር ደግሞ 6.6 ሣጥን ነው።

ሦስተኛው ሥራ ሊድ ታይሙን መለካት ነው። ብዙ ቦታ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ መኪናው ከደሴ የተነሣበትን ቀን ይዘው ይቆጥራሉ። መቆጠር ያለበት የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ፣ ማለትም አርአርኤፉ፣ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መደርደሪያ እስከወጣበት ቀን ነው። ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ያደረበት፣ ቅርንጫፉ ዕቃ የጠበቀበት፣ መኪና የተሰለፈበትና መንገድ የተቆረጠበት ጊዜ ሁሉ ውስጡ አለ። ዕቃው ተከፋፍሎ ከመጣ ዋናው ክፍል የገባበት ቀን ይያዛል።

በምሳሌው በዓመቱ ስድስት ትእዛዝ ተልኳል። የነሐሴው በ42 ቀን፣ የጥቅምቱ በ24፣ የታኅሣሡ በ18፣ የየካቲቱ በ21፣ የሚያዝያው በ16፣ የሰኔው በ35 ቀን ደርሷል። አማካዩ 26 ቀን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 10.3 ቀን ነው። ጳጉሜ እዚህም ታታልላለች፤ በነሐሴና በመስከረም መካከል ያሉትን አምስት ቀናት የረሳ ሰው 42 የነበረውን 37 ብሎ ይጽፋል። ከፍላጎቱ ስሌት የወጣችው ጳጉሜ ከመንገዱ ስሌት መውጣት የለባትም።

ፍላጎቱ በወር ሊድ ታይሙ በቀን ሆኖ መቀላቀል ስለማይችል ቀኖቹ ለ30 ይካፈላሉ። አማካይ ሊድ ታይም 0.867 ወር፣ መዋዠቁ 0.343 ወር ይሆናል።

አራተኛው የአገልግሎት ደረጃን መምረጥ ነው። 95 በመቶ ሲባል ከመቶ የትእዛዝ ዙር በ95ቱ ዕቃው ሳያልቅ አዲሱ ይደርሳል ማለት ነው፤ ከመቶ ታማሚ 95ቱ መድኃኒት ያገኛሉ ማለት አይደለም። በዓመት ስድስት ጊዜ የሚያዝ ተቋም በዚህ ደረጃ በአማካይ በሦስት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እጥረት ይገጥመዋል። ለእያንዳንዱ ደረጃ ዜድ የሚባል ማባዣ አለ፤ ለ90 በመቶ 1.282፣ ለ95 በመቶ 1.645፣ ለ99 በመቶ 2.326 ነው። ሕይወት አድን ለሆነና ምትክ ለሌለው መድኃኒት 99 መያዝ ተገቢ ነው፤ ቢዘገይ ብዙ ለማይጎዳው 90 ይበቃል። ለሁሉም 99 የሚል መጋዘን ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ማስወገጃ ይሆናል።

አሁን ቀመሩ ይመጣል፦

```
SS = Z × √( L × σd² + d² × σL² )
```

d ወርኃዊ አማካይ ፍላጎት፣ σd የፍላጎቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ L አማካይ ሊድ ታይም፣ σL የሊድ ታይሙ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ነው። በሥሩ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ከታማሚው ብዛት የሚመጣውን ስጋት፣ ሁለተኛው ከመዘግየቱ የሚመጣውን ይይዛል። ሁለቱ ስጋቶች በአንድ ላይ ጫፍ የሚደርሱበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ለየብቻ ተሰልተው አይደመሩም፤ በካሬያቸው ተደምረው ሥራቸው ይወሰዳል። ይህ የሚሠራው ሁለቱ የማይያያዙ ሲሆኑ ነው። መንገድ ሲዘጋና ታማሚ ሲበዛ በአንድ ወቅት የሚገጥሙ ከሆነ ቀመሩ አሳንሶ ይነግራል።

የምሳሌው ቁጥር ሲገባ የመጀመሪያው ክፍል 0.867 በ43.8፣ ማለትም 38 ነው። ሁለተኛው 46 በ46፣ እንደገና በ0.343 ካሬ፣ ማለትም 249 ነው። ድምሩ 287፣ ሥሩ 16.9፣ በ1.645 ሲባዛና መጠባበቂያ ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚጠጋጋ 28 ሣጥን ይሆናል። 99 በመቶ ቢመረጥ 40 ይደርስ ነበር። ይህ ስሌት መጋዘኑ ክምችቱን በየዕለቱ ተመልክቶ በፈለገበት ቀን ማዘዝ ሲችል የሚሠራ ነው፤ በ28ቱ ላይ በሊድ ታይሙ የሚወጣው 40 ሣጥን ሲጨመር፣ ክምችቱ 68 ላይ ሲደርስ ይታዘዛል ማለት ነው።

38ንና 249ን ማነጻጸር ይጠቅማል። የመዋዠቁ ዋና ባለቤት ታማሚው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። የፍላጎቱን መዋዠቅ በግማሽ መቀነስ ቢቻል ክምችቱ ከ28 ወደ 27 ብቻ ይወርዳል፤ የሊድ ታይሙ መዋዠቅ በግማሽ ቢቀንስ ግን ወደ 17 ይወርዳል። ፍላጎትን ለመተንበይ ብዙ የሚደክም ክፍል አርአርኤፉን በቀኑ ቢልክ ይበልጥ ያተርፋል።

ነገር ግን የጤና ተቋማት በፈለጉበት ቀን አያዙም። የተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ እንዲጠይቁ ያደርጋል፤ ጣሪያው የአራት ወር፣ ወለሉ የሁለት ወር፣ የአስቸኳይ ማዘዣ ነጥቡ የሁለት ሳምንት ክምችት ነው። በየሁለት ወሩ የሚያዝ መጋዘን የተሳሳተ ትእዛዝ ከላከ እስከሚቀጥለው ዙር ማረም አይችልም። ስለዚህ ለፍላጎቱ የሚያስፈልገው መከላከያ ለሊድ ታይሙ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱ ወርም ጭምር ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል L የነበረው 2 ሲደመር L ይሆናል። በኤክሴል d በB1፣ σd በB2፣ L በB3፣ σL በB4 ከገቡ እንዲህ ይጻፋል፦

```
=NORM.S.INV(0.95)*SQRT((2+B3)*B2^2+B1^2*B4^2)
```

ስታንዳርድ ዲቪዬሽኖቹን ራሱ ኤክሴል በSTDEV.S ያወጣል፤ በቀን የተለካው የሊድ ታይሙ ግን ለ30 ተካፍሎ በወር ይገባል። ውጤቱ 32 ሣጥን ነው። በ2.867 ወር የሚወጣው 132 ሲጨመርበት መድረስ ያለበት ጣሪያ 164 ሣጥን፣ ወይም የ3.6 ወር ክምችት ይሆናል። በማዘዣው ቀን መደርደሪያ ላይ 50 ሣጥን ካለና በመንገድ ላይ ያለ ትእዛዝ ከሌለ የሚጠየቀው 114 ነው። በመንገድ ላይ ያለ ካለ መቀነሱ አይዘነጋ፤ ካልተቀነሰ ዕቃው ሁለት ጊዜ ይታዘዛል።

የመጨረሻው ሥራ ውጤቱን መጠራጠር ነው። ሊድ ታይሞቹ እንደገና ቢታዩ ከ30 ቀን የበለጡት የሰኔውና የነሐሴው ብቻ ናቸው። የቀሩት አራት ለብቻቸው ሲሰሉ አማካያቸው 20 ቀን ያህል፣ መዋዠቃቸው 3.5 ቀን ብቻ ነው። አስቀድሞ የሚታወቅ ክረምት ደግሞ ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። በበጋ የሚያስፈልገው መጠባበቂያ 20 ሣጥን፣ ጣሪያውም 142 ነው፤ ዓመቱን በሙሉ 164 መያዝ በበጋ ከልክ በላይ ማከማቸት ይሆናል።

ክረምቱን ለብቻው ለማስላት ሁለት ትእዛዝ አይበቃም፤ ከሁለት ቁጥር የሚወጣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚታመን አይደለም። የቀደሙ ዓመታት ሞዴል 19 ተገልጦ ቢያንስ ስምንት ወይም አሥር የክረምት ትእዛዝ እስኪሰበሰብ ድረስ አማካዩን የክረምት፣ መዋዠቁን የዓመቱ አድርጎ መያዝ ይቻላል። የሁለቱ የክረምት ትእዛዞች አማካይ 38.5 ቀን፣ ማለትም 1.283 ወር ነው። በ3.283 ወር 151 ሣጥን ይወጣል፣ መጠባበቂያው 33 ይሆናል፤ ድምሩ 184 ሣጥን ነው።

184 ሣጥን በወር 46 ሲካፈል አራት ወር ይሆናል። በዚህ ምሳሌ የሥርዓቱ ጣሪያ ለክረምት ልክ ነው፤ ለበጋ አንድ ወር ያህል ይበዛል።